ምልክት ያልተደረገበት ቁጥር

የኮንሰልት ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ጥያቄ አጭር ነበር፤ «የ64 ዓመት እናት፣ በኩላሊት ኢንፌክሽን ተኝተው ጀንታማይሲን እየወሰዱ ሳለ ዛሬ ኩላሊታቸው ተነክቷል፤ እባክዎ ይዩልን።» ችግሩ ዛሬ አልጀመረም። ቻርቱ ላይ በስቴፕለር የተደራረቡትን የላብራቶሪ ወረቀቶች አንድ በአንድ ገልጬ በኮንሰልቱ ጀርባ ላይ ሰንጠረዥ ሠራሁ።

| | ኖርማል ሬንጅ | ጥር 4 | ጥር 6 | ጥር 8 | ጥር 10 | ጥር 11 |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ክሬአቲኒን (ሚ.ግ./ዴ.ሊ.) | 0.6–1.2 | 0.5 L | 0.6 | 0.8 | 1.1 | 1.4 H |
| ክሎራይድ (ሚ.ሞል/ሊ.) | 98–107 | 108 H | 109 H | – | 108 H | 109 H |
| ጀንታማይሲን | | 1ኛ ቀን | 3ኛ ቀን | 5ኛ ቀን | 7ኛ ቀን | 8ኛ ቀን |

ምልክቶቹን ብቻ ተከትሎ ያነበበ ሰው የሚደርስበትን እንይ። ክሬአቲኒኑ መጀመሪያ «ዝቅ ያለ» ነበር፣ ከዚያ «ተስተካከለ»፣ ለቀናት «ኖርማል» ሆኖ ሰነበተና በስምንተኛው ቀን በድንገት ከፍ አለ። ክሎራይዱ ደግሞ በየወረቀቱ H አለበት። ከሳላይኑ በቀር ሌላ የሚናገረው ነገር የለም፤ ዓይን የሚይዘው ግን እሱ ነው። በየቀኑ ራውንድ ላይ «አር ኤፍ ቲ ኖርማል ነው» ሲባል የሰነበተውም በዚሁ ምክንያት ነው። ያለው ሰው አልዋሸም፤ ወረቀቱ የነገረውን ደገመ።

እኔን የሚያሰለቸኝ ይኸው ነው። H እና L ለታካሚው የተሰጡ ፍርዶች ይመስሉናል። ምልክቱ ግን እኚህን እናት ከማያውቋቸው ጤነኛ ሰዎች ጋር ማወዳደሪያ ነው። ሬንጁ የሚወጣው ከጤነኞቹ መካከለኛዎቹን 95 በመቶ በመውሰድ ነው፤ ስለዚህ ከ20 ጤነኛ ሰው አንዱ ያለ ምንም ሕመም ከክልሉ ይወጣል። ያም ሆኖ ብዙ ጊዜ ወረቀታችን ላይ የሚታተመው ክልል ከሪኤጀንቱ ጋር በመጣው ወረቀት ላይ ያለው ነው፤ በማን ደም እንደተሠራ የሚጠይቅ የለም።

ክሬአቲኒን ከጡንቻ ይመነጫል። እኚህ እናት 42 ኪሎ ናቸው፤ ጡንቻቸው ጥቂት ስለሆነ ለእሳቸው ጤነኛው ቁጥር 0.5 ነበር፤ ያቺ L ችግርን ሳይሆን ክሳታቸውን ነው የነገረችን። መነሻው 0.5 ከሆነ ጥር 8 ቀን የታየው 0.8 የመነሻው 1.6 እጥፍ ነው። የኬዲጎ መመሪያ ክሬአቲኒን በ7 ቀን ውስጥ 1.5 እጥፍ ከደረሰ፣ ወይም በ48 ሰዓት ውስጥ 0.3 ከጨመረ፣ ኩላሊት በድንገት ተጎድቷል ይላል። ስለዚህ ጉዳቱ በመመሪያው መሠረት የታወቀው ጥር 8 ነው፤ H ሳይጻፍ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ማለት ነው።

ጥር 10 ይባስ። በእድሜያቸውና በክብደታቸው በኮክሮፍት-ጎልት ብናሰላው፣ 0.5 ላይ በደቂቃ 75 ሚሊ ሊትር ገደማ ያጣራ የነበረ ኩላሊት 1.1 ላይ ወደ 34 ወርዷል። ያውም ስሌቱ የሚሠራው ክሬአቲኒኑ ረግቶ ከቆመ ነው። ቁጥሩ ገና እየወጣ ባለበት ሰዓት እውነተኛው የማጣራት አቅም ከስሌቱም ያነሰ ነው፤ ክሬአቲኒን ተጠራቅሞ እስኪታይ ጊዜ ይወስድበታልና። ይህ ሁሉ ሲሆን ወረቀቱ ላይ አንዲት ምልክት የለችም፣ ጀንታማይሲኑም በሙሉ መጠኑ ይሰጣል። ሽንታቸው አልቀነሰም፤ ጀንታማይሲን ኩላሊት ሲጎዳ ብዙውን ጊዜ ሽንት እንደልቡ ይወርዳልና አስታማሚም ነርስም የሚጠራጠርበት ነገር አልነበረም። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ያለውን መጠን የሚለካ ላብራቶሪ ደግሞ በአብዛኞቹ ሆስፒታሎቻችን አይገኝም። ያለን መሣሪያ ይኸው የቁጥሮች ረድፍ ነው።

ረድፉን ያበላሸው ሌላም ነገር አለ። የጥር 8ቱ ውጤት የሆስፒታሉ አልነበረም። ሪኤጀንት አልቋል ተብሎ ልጃቸው ደሙን ይዞ ውጭ ግል ላብራቶሪ ሄደ፤ ያመጣው ወረቀት 71 ይላል፣ በማይክሮሞል በሊትር፣ ቀኑም ጃንዋሪ 16 ተብሎ በፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፏል። 71ን ለ88.4 ስናካፍለው 0.8 ይመጣል። ያን ያሰላ ሰው አልነበረምና ወረቀቱ ቻርቱ ጀርባ ላይ ተቀምጦ ቀረ፤ ከሁሉም አስፈላጊው ቁጥር እሱ ነበር። ሰንጠረዥ ስትሠሩ መጀመሪያ አሃዱን፣ ቀጥሎ ቀኑን ወደ አንድ አምጡ። ሰዓቱንም ቢሆን የምንፈልገው ደሙ የተቀዳበትን ነው፤ ውጤቱ የታተመበት አይጠቅመንም። ማሽኑ 09:20 ሲል ነርሷ ከጠዋቱ 3፡20 ብላ የጻፈችው ያው አንድ ናሙና መሆኑን ሳያስተውሉ ሁለት ጊዜ የሚያስገቡ ገጥመውኛል።

በሌላ በኩል፣ ሰንጠረዥ መሥራት የለመደ ደግሞ ሁሉን ነገር «ትሬንድ» ማለት ይወዳል። ከ0.5 ወደ 0.6 መሄድ ምንም አይነግረንም፤ ያንኑ ደም ማሽኑ ደግሞ ቢለካው ይህን ያህል ሊለያይ ይችላል። ጥር 6 ላይ ብጠራ ኖሮ እኔም ጀንታማይሲኑን አላስቆምም ነበር፤ ነገ ድገሙት ብል ነው። ሁለት ነጥብ መስመር ይሠራል እንጂ አቅጣጫ አያስረግጥም። በአንድ ወገን የሚሄድ ሦስተኛ ነጥብ ሲመጣ፣ ያውም ከማሽኑ መዋዠቅ ሲያልፍ፣ ያኔ ነው መነሳት።

ለዚህም ነው ከታች የጀንታማይሲኑን ረድፍ የጨመርኩት። የተሰጠው መድኃኒት፣ የተንጠለጠለው ደም፣ የገባው ፈሳሽ ካልተጻፈበት ቁጥሩ ብቻውን ያሳስታል። ሄሞግሎቢን ከ11.2 ወደ 10.3 ሲወርድ ይደማል ብሎ የሚሯሯጥ ሬዚደንት፣ በመሃል ሦስት ሊትር ሳላይን መግባቱን የሚያሳይ ረድፍ ቢኖረው መጀመሪያ ደሙ መቅጠኑን ይጠረጥር ነበር። ብዙዎቹ ሰንጠረዦች ይህ ረድፍ የላቸውም፤ ባለ ኮምፒውተሮቹም ቢሆኑ ቁጥሩን በቀይ ያቀልሙና ምክንያቱን ለሌላ ገጽ ይተዉታል። ቀዩም ያው ለክሎራይድ 108 እና ለፖታሲየም 6.4 እኩል ነው።

እኚህን እናት በተመለከተ፣ ጀንታማይሲኑ ያን ዕለት ቆሞ በሌላ አንቲባዮቲክ ተተካ። መድኃኒቱ በኩላሊት ሕዋሳት ውስጥ ስለሚከማች ከቆመ በኋላም ክሬአቲኒኑ ቀናት መጨመሩን ቀጠለ፤ ዲያሊሲስ ግን አላስፈለገም።

ኢንተርኖችን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ራውንድ ላይ «ኖርማል ነው» አትበሉኝ፣ ያለፈውን ቁጥርና የዛሬውን አንብቡልኝ። የላብራቶሪ ኃላፊዎችን ደግሞ እለምናለሁ። ናሙና ተቀያይሮ እንዳይሆን የዛሬውን ውጤት ካለፈው ጋር የሚያስተያይ ሥርዓት ብዙዎቻችሁ አላችሁ፤ ያንኑ ያለፈ ውጤት ከነቀኑ ከH እና ከL አጠገብ አትሙልን።