“ይቀየርልኝ” ሳይሆን “ይታረምልኝ”

አክስቴ ፀሐይ ትባላለች፤ በባንክ ሒሳቧ ላይ ግን ለዓመታት “ፀሐዬ” ሆና ኖራለች። ስሟን ለዚህ ጽሑፍ ቀይሬዋለሁ፤ የስህተቱ ዓይነት ግን ያው ነው። ሒሳቡን በ2003 ዓ.ም. ስትከፍት ይዛ የሄደችው የቀበሌ መታወቂያ በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ነበር። የባንኩ ኮምፒውተር ደግሞ ስም የሚመዘግበው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። መስኮቱ ላይ የነበረው ሠራተኛ ትክክል የመሰለውን አጻጻፍ መርጦ Tsehaye W/Giorgis Bekele ብሎ መዘገባት። መጨረሻ ላይ የገባችው አንዲት e የሴቷን ስም የወንድ አደረገችው።

ማንም ልብ አላለውም። ገንዘብ ስታስገባም ሆነ ስታወጣ ደብተሯና ፊርማዋ በቂ ነበሩ። ችግሩ የታየው ሒሳቧን ከፋይዳ መታወቂያዋ ጋር እንድታገናኝ ስትጠየቅ ነው። ፋይዳዋ ላይ Tsehay Woldegiorgis Bekele ተብላለች። ሁለቱ ስሞች አልገጠሙም።

እንዲህ ያለው ስህተት የሚበዛው ስማችንን ከፊደላችን አውጥተን በሌላ ፊደል ስንጽፍ ሁሉም ሰው በየፊናው ስለሚጽፈው ነው። ጸጋዬን አንዱ በTs፣ ሌላው በS ይጀምረዋል። ወልደጊዮርጊስን በአማርኛ “ወ/ጊዮርጊስ” ብሎ ማሳጠር የቆየ ልማዳችን ነው፤ አንባቢም ያለችግር ይረዳዋል። ለኮምፒውተር ግን W/Giorgis እና Woldegiorgis ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ስለዚህ በአክስቴ ሒሳብ ላይ የነበረው ስህተት አንድ ሳይሆን ሁለት ነበር። እሷ ያየችው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

የመጀመሪያ ማመልከቻዋን ያስጻፈችው በመንገድ ዳር ማመልከቻ ከሚጽፉ ሰዎች ዘንድ ነበር። ወረቀቱ “በሒሳቤ ላይ ያለው ስም እንዲቀየርልኝ” ይላል። ባንኩ ተቀብሎ አነበበውና የፍርድ ቤት ውሳኔ እንድታመጣ ጠየቃት። ሠራተኛዋ አላጠፋችም። ስም መቀየር ማለት አንድ ሰው እስከ ዛሬ ይጠራበት የነበረውን ትቶ በሌላ ስም መጠራት ነው፤ ያንን የሚፈቅደው ፍርድ ቤት ነው። አክስቴ ግን ስም አልቀየረችም። ስሟ ከልደቷ ጀምሮ ፀሐይ ነው፤ የተሳሳተው ጽሕፈቱ ነው። በአንድ ቃል ምክንያት ሦስት ሳምንት ተመላልሳለች።

ሁለተኛውን ደብዳቤ አብረን ጻፍነው። ከመጻፋችን በፊት ያሉንን ሰነዶች ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ፊደል በፊደል አስተያየናቸው። ፋይዳውና ፓስፖርቱ አንድ ዓይነት ሆነው ተገኙ፤ ስለዚህ መነሻ አደረግናቸው። እነዚህ ሁለቱ እርስ በርስ የማይስማሙ ቢሆኑ ኖሮ ወደ ባንክ መሄድ ከንቱ ድካም ይሆን ነበር። ባንክ የሚያርመው ሰነድ አይቶ ነው፤ ሰነዶቹ ከተጣሉ መጀመሪያ የሚታረመው የተሳሳተው መታወቂያ ነው። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

ቀን፦ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለ………… ባንክ ………… ቅርንጫፍ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የሒሳብ ባለቤት ስም አጻጻፍ እንዲታረምልኝ ስለመጠየቅ

በቅርንጫፋችሁ የቁጠባ ሒሳብ ቁጥር ………… በስሜ ተከፍቶ እጠቀምበታለሁ። ሒሳቡ በ2003 ዓ.ም. ሲከፈት ስሜ በስህተት Tsehaye W/Giorgis Bekele ተብሎ ተመዝግቧል። ትክክለኛው አጻጻፍ በፋይዳ መታወቂያዬና በፓስፖርቴ ላይ እንደሚታየው Tsehay Woldegiorgis Bekele ነው። ሁለቱም አጻጻፎች የእኔን የአንድ ሰው ስም የሚያመለክቱ ሲሆን፣ ስሜን አልቀየርኩም። ሒሳቡ ሲከፈት የሞላሁት ቅጽና ያስረከብኩት የመታወቂያ ቅጂ ከማኅደሬ ወጥቶ እንዲታይልኝ፣ ስሜም በሒሳቡ፣ በደብተሩ፣ በኤቲኤም ካርዱና በሞባይል ባንኪንግ ላይ እንዲታረምልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አባሪ፦ የፋይዳ መታወቂያ ቅጂ 1 ገጽ፣ የፓስፖርት ቅጂ 1 ገጽ፣ ሒሳቡ የተከፈተበት የቀበሌ መታወቂያ ቅጂ 1 ገጽ፣ የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ቅጂ 1 ገጽ

ከሰላምታ ጋር
ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ ቁጥር

ከዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አስቀሩ ብባል የማስቀረው “ከማኅደሬ ወጥቶ እንዲታይልኝ” የሚለውን ነው። ባንኩ ሒሳብ ሲከፍት ደንበኛው የሞላውን ቅጽ፣ የመታወቂያውን ቅጂና የፊርማውን ናሙና በማኅደር ያስቀምጣል። ቅጹ ላይ በአማርኛ “ፀሐይ ወልደጊዮርጊስ በቀለ” ተብሎ ከተገኘ፣ ስህተቱ የተፈጠረው ከቅጹ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ እንደሆነ የባንኩ የራሱ ወረቀት ይመሰክራል። የእኛም ጉዳይ እንዲሁ ሆነ። ቅጹም ላይ ስሙ ተሳስቶ ቢገኝ ግን ተጨማሪ ማስረጃ መጠየቁ የማይቀር ነው፤ ለምሳሌ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከወረዳ አምጡ ሊባል ይችላል።

የቀበሌ መታወቂያውን ያያያዝነውም ለዚሁ ነው። ጊዜው ያለፈበት ስለሆነ ዛሬ ማንነት አያረጋግጥም፤ ነገር ግን ያኔ ሒሳቡን የከፈተችው ሴትና ዛሬ ፋይዳ ይዛ የቆመችው ሴት አንድ መሆናቸውን ያገናኛል። የአባትና የአያት ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ ፎቶ ሲመሳሰሉ የሠራተኛው ጥርጣሬ ይቀንሳል። ባንኩ የሚጠነቀቀው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዲት ፊደል አርሙልኝ ብሎ የሌላ ሰው ሒሳብ ለመውሰድ የሚመጣም አለ። የአባት ስም ሙሉ በሙሉ ሌላ ከሆነ፣ ያ የፊደል ስህተት ነው ብሎ ማሳመን አይቻልም።

ቅጂዎቹን በተመለከተ፣ የመታወቂያው ፊትና ጀርባ ይነሣ፤ ፎቶውና ቁጥሩ ይነበብ። በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ፣ ጽሑፉንና ፎቶውን ሳይሸፍን፣ “ለሒሳብ ስም ማረሚያ ብቻ” ብለው ቀኑን ይጻፉበት። ወረቀቱ ከማኅደር ቢወጣ እንኳ ለሌላ ጉዳይ እንዳይውል ያግዛል። ዋናዎቹን ለማመሳከሪያ ይያዙ እንጂ አያስረክቡ። የሚስጥር ቁጥርዎ በዚህ ጉዳይ ፈጽሞ አያስፈልግም፤ የሚጠይቅዎ ካለ አይስጡ።

ፊርማውም ቦታ አለው። አክስቴ ያኔ የፈረመችው ረጅም ፊርማ ነበር፤ ዛሬ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ አሳጥራዋለች። ደብዳቤው ላይ ያለው ከናሙናው ጋር አልገጥም አለና እዚያው ሠራተኛዋ ፊት እንደ ድሮው እንድትፈርም ተደረገ። በአካል መሄድ የሚሻለው ለዚህ ነው። ውጭ አገር ያለ ሰው በወኪል ማስጨረስ ከፈለገ፣ የውክልናው ቃል በባንክ ሒሳብ ጉዳይ መቅረብን በግልጽ ማካተቱን አስቀድሞ ያረጋግጥ።

ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ አቅርበን አንዱ ላይ ማኅተምና የተቀበሉበትን ቀን አስመትተን ወሰድን። መጀመሪያ ያስገባችው ማመልከቻ “አልደረሰንም” የተባለበት ጊዜ ስለነበረ ይህን አልዘለልነውም።

ከስምንት ቀን በኋላ ተደወለላት። ደብተሯ ታርሟል፤ ካርዱ ግን አሁንም Tsehaye ይላል። ካርድ ለብቻው የሚታተም ስለሆነ አዲስ እንዲታዘዝላት ጠየቀች። ሞባይል ባንኪንጉን ያረጋገጥነው በቀላል መንገድ ነው፤ እኔ ከራሴ ሒሳብ ወደ እሷ ጥቂት ብር ለመላክ ጀመርኩና፣ ከማረጋገጤ በፊት ስልኩ ላይ የሚወጣውን የተቀባይ ስም አነበብኩላት። Tsehay Woldegiorgis Bekele ይላል። ፋይዳውም በዚያው ቀን ተገናኘ።

እርስዎም ዛሬ የባንክ ደብተርዎን ያውጡና ከፋይዳ መታወቂያዎ አጠገብ አስቀምጠው ስምዎን ፊደል በፊደል ያስተያዩ፤ የአያትዎን ስም ጭምር።