ከመስመሩ ጀርባ ያሉት ደቂቃዎች

በኤንቢኤ የቅርጫት ኳስ ውርርድ የድምር ነጥብ መስመር የሁለቱ ቡድኖች ነጥብ ተደምሮ ከተሰጠው ቁጥር ይበልጣል ወይስ ያንሳል የሚል ጥያቄ ነው። የተጫዋች መስመር ይህንኑ ጥያቄ ለአንድ ሰው ነጥብ፣ ሪባውንድ ወይም አሲስት ያቀርባል።

በድምሩ ላይ በቅድሚያ የሚታየው የጨዋታው ፍጥነት ነው። እያንዳንዱ ቡድን 100 ጊዜ ቢያጠቃና በአንዱ ጥቃት በአማካይ 1.12 ነጥብ ቢያገኝ ድምሩ 224 ይሆናል። ጥቃቱ ወደ 96 ከወረደ፣ ብቃቱ ባይቀንስም፣ ድምሩ 215 ገደማ ነው።

ለተጫዋች መስመር ግን ከሁሉ የሚበልጠው የሚጫወትበት ደቂቃ ነው። በ24 ደቂቃ 12 ነጥብ የሚያስቆጥር ተቀያሪ በደቂቃ ግማሽ ነጥብ ያገኛል። ቋሚ ተሰላፊው ተጎድቶ ተቀያሪው 32 ደቂቃ ቢጫወት ስሌቱ 16 ይሆናል፤ መስመሩ 14.5 ከሆነ በእርግጥ ያጓጓል። ይሁን እንጂ የነጥብ ልዩነቱ ቀድሞ ከሰፋ አሰልጣኙ በአራተኛው ሩብ ሊያሳርፈው ይችላል፤ በ28 ደቂቃ 14 ላይ ይቆማል። የተከላካዮች ትኩረት ወደ እሱ ሲዞርም የደቂቃ አማካዩ ራሱ ሊወርድ ይችላል።

በጉዳት ዝርዝር ላይ “አጠራጣሪ” የተባለ ተጫዋች መሰለፉ እስኪረጋገጥ ድረስ ስሌቱ ሁለት መልስ አለው። ዜናው ከወጣ በኋላ አወራራጆች መስመሩን ወዲያው ስለሚያስተካክሉ፣ የዘገየ ሰው የሚያገኘው ጉዳቱ አስቀድሞ የተሰላበትን ቁጥር ነው። በዚያ ላይ 1.91 የሚከፍል መስመር ከ100 እኩል ውርርዶች ቢያንስ 53ቱ ካላሸነፉ ያከስራል።