ዶሮ ወጥ ዓመቱን ሙሉ ይፈለጋል፤ ፋሲካ ግን ቀን አለው

የምግብ አሠራር በዩቲዩብ የሚያቀርብ አንድ ቻናል አለ እንበል። ለፋሲካ ሰሞን ሦስት ቪዲዮ ለጥፏል። አንደኛው «የዶሮ ወጥ አሠራር ከሽንኩርት ማቁላላት እስከ ማውጣት» ይላል፣ ሁለተኛው «ለዐቢይ ጾም የሚሆኑ 5 የጾም ወጦች»፣ ሦስተኛው ደግሞ «የዘንድሮ የፋሲካ ገበያ፦ ዶሮ፣ እንቁላልና ቅቤ ስንት ገቡ?»። ሦስቱም ስለ ምግብ ቢሆኑም ዕድሜያቸው ለየቅል ነው።

የገበያው ቪዲዮ በበዓሉ ዋዜማ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሌሎቹ የበለጠ ሊታይ ይችላል። ከበዓሉ ማግስት ግን ያለፈ ዋጋ የሚጠይቅ ስለሌለ ያበቃለታል። በየቻናሉ «ትሬንድ» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። የጾም ወጡ በየዓመቱ ጾም ሲገባ ይነሳል፣ ሲፈታ ይተኛል። የዶሮ ወጡን አሠራር ግን ሠርግ ያለበትም፣ እንግዳ የመጣበትም፣ በባዕድ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ወጥ ሊሠራ የተነሳም በማንኛውም ወር ይፈልገዋል። ዘላቂ የሚባለው ይህኛው ነው፤ ለፋሲካ ፈላጊው ቢበረክትም ከፋሲካ በኋላ አይሞትም።

ዩቲዩብ እነዚህን ለይቶ ለፈላጊው የሚያቀርበው በአብዛኛው በተጻፈላቸው ነገር ላይ ተመርኩዞ ነው፦ በርዕሱና ከሥሩ ባለው መግለጫ። ሜታዳታ የሚባለውም ይኸው ነው። ታግ የሚባሉት ተጨማሪ ቃላት ሚናቸው በጣም አነስተኛ እንደሆነ ዩቲዩብ ራሱ ይናገራል፤ የሚጠቅሙት ሰው አዘውትሮ በተለያየ ፊደል ለሚጽፈው ቃል ነው። «ጾም» እና «ፆም»፣ «doro wat» እና «doro wot» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው።

ርዕስ እስከ 100 ፊደል ይፈቀድለታል። በስልክ ላይ ግን ረጅም ርዕስ መጨረሻው ይቆረጣል። ስለዚህ «ዋው! ልዩ የበዓል ዝግጅት ከቤተሰቤ ጋር 2018 | ዶሮ ወጥ» ብሎ የጻፈ ሰው ፈላጊው የሚጽፈውን ቃል ከማይታየው ጫፍ ላይ ጥሎታል። ዘላቂው ቃል ከፊት ይቅደም፣ የበዓሉ ስም ከኋላ ይከተል፦ «የዶሮ ወጥ አሠራር ከሽንኩርት ማቁላላት እስከ ማውጣት | ለፋሲካ»። በዓሉ ሲያልፍ የምትነሳው የመጨረሻዋ ቃል ብቻ ናት። ርዕስ ሲቀየር የቪዲዮው ሊንክም፣ ያገኘው እይታና አስተያየትም እንዳለ ይቆያል። በየዓመቱ ለአንድ ዶሮ ወጥ አዲስ ቪዲዮ መልቀቅ እይታውን ከመከፋፈል አይዘልም፤ የድሮው ምስልና ድምፅ ካላሳፈረ በቀር እሱኑ ማደስ ይሻላል። በርዕሱ ላይ ዓመተ ምሕረት መጻፍም ችግር አለው። በእኛ አቆጣጠር «2018» የተባለውን፣ ውጭ አገር ያለ ፈላጊ የብዙ ዓመት አሮጌ ቪዲዮ አድርጎ ሊያልፈው ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ መቼ ይለጠፍ የሚለው ነው። ቅዳሜ ማታ ስልኩን ከምድጃው አጠገብ አቁሞ ወጥ የሚሠራ ሰው የሚያገኘው ቀድሞ ተለጥፎ፣ ታይቶና ቦታ ይዞ የቆየውን ቪዲዮ ነው። ዓርብ የተለጠፈ አዲስ ቪዲዮ ለዓመታት ከታዩት ጋር ለመፎካከር ጊዜ አይበቃውም። ከበዓሉ ሦስት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ መለጠፍ፣ ወይም የድሮውን ርዕስ በዚያን ጊዜ ማደስ ምክንያታዊ ነው። በርበሬ ከአገር ቤት የሚያስልኩ በውጭ የሚኖሩ ሰዎችም አስቀድመው ማየት ይፈልጋሉ።

ብዙ ቻናል የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ያለፈውን ዓመት ቀን ይገለብጣል። እንቁጣጣሽ መስከረም 1 ስለሆነ ለእሱ ይህ ይሠራል። ፋሲካ ግን ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ይዘዋወራል። በ2018 የዋለው ሚያዝያ 4 ነው፤ በ2019 የሚውለው ሚያዝያ 24። በ2018 ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ለመለጠፍ ትክክለኛው ቀን መጋቢት 13 ነበር። ይኸው ቀን በ2019 ቢደገም ለፋሲካ 41 ቀን ይቀረዋል፤ ዐቢይ ጾም የካቲት 29 ስለሚገባ ጾሙ ገና ሁለተኛ ሳምንቱን መጨረሱ ነው። ሰዉ ሽሮና ምስር በሚፈልግበት ሰዓት ቻናሉ ዶሮ ይዞ ይመጣል ማለት ነው። ትክክለኛው ቀን ሚያዝያ 3 ነው። ስለዚህ ለሚዘዋወር በዓል የሚቆጠረው ከበዓሉ ወደ ኋላ ነው። ረመዳንና ሁለቱ ዒዶችም በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደፊት ስለሚቀድሙ በዚሁ መንገድ ይቆጠራሉ።

በእንግሊዝኛ ርዕስ የሚጽፍ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለበት። «Easter» የሚለውን ቃል ሰው በብዛት የሚፈልገው በምዕራባውያን ፋሲካ ሰሞን ነው። በ2017 ሁለቱ ፋሲካዎች በአንድ ቀን ዋሉ፣ በ2018 በአንድ ሳምንት ተለያዩ፣ በ2019 ግን በአምስት ሳምንት ይራራቃሉ። በአሜሪካና በአውሮፓ ለሚያድጉ የሐበሻ ልጆች «Ethiopian Easter» ወይም «Fasika» ብሎ መጻፍ ከዚህ ግርግር ያወጣል።

ፍለጋው መቼ እንደሚነሳ በግምት ከመሥራት በጉግል ትሬንድስ ማየት ይቻላል። አገርን ኢትዮጵያ፣ የፍለጋውን ዓይነት ዩቲዩብ፣ ጊዜውን አምስት ዓመት አድርጎ «የጾም ምግብ» ብሎ መጻፍ ነው። የሚመጣው ከ0 እስከ 100 ያለ መስመር የፈላጊውን ቁጥር አያሳይም። 100 ማለት በተመረጠው ጊዜ ውስጥ ፍለጋው ከፍ ያለበት ነጥብ ነው፣ ሌላው ከእሱ አንጻር ይለካል። ስለዚህ 100 ያየ ሁሉ ብዙ ሕዝብ ፈልጎታል ማለት አይደለም። ለብዙ የአማርኛ ቃል በቂ መረጃ የለም የሚል መልስም ይመጣል። ያን ጊዜ ሰፋ ያለ ቃል መሞከር፣ ወይም አገሩን አሜሪካ አድርጎ «doro wat» ብሎ ማየት ይረዳል።

የተደረገው ለውጥ መሥራቱ የሚታወቀው ደግሞ በዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ተመልካቹ ከየት እንደመጣ በሚያሳየው ክፍል ነው። በፍለጋ ለመጡት የጻፉት ቃል ራሱ ተዘርዝሮ ይታያል። «የዶሮ ወጥ አሠራር» ብለው የገቡ ከበዙ፣ በዓል መጣ ተብሎ ያንን ቃል ከርዕሱ መንቀል እንጀራን መግፋት ነው። ርዕስና ታምኔልም በአንድ ቀን አይቀየሩ፤ ቁጥሩ ሲወርድ የትኛው እንደጎዳ አይለይም። ዓመትን ከዓመት ሲያነጻጽሩም ቀንን ከቀን ሳይሆን የፋሲካን ሳምንት ከፋሲካ ሳምንት ጋር ነው፤ አለበለዚያ በ2019 የሚያዝያ መጀመሪያ ቁጥር አይቶ «ቻናሉ ወደቀ» ብሎ መደንገጥ ይመጣል።

ከፋሲካ ማግስት «ለፋሲካ» የምትለዋ ቃል ትነሳለች፣ የገበያውም ቪዲዮ በቃው። የጾም ወጡም እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾም የሚያርፍበት ጊዜ ነው። ቀጥሎ በሰፊው የሚጾመው ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ስለዚህ «ለዐቢይ ጾም» የሚለው ርዕስ ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ «ለፍልሰታ» ይባላል፤ ቪዲዮው፣ አምስቱም ወጦች ግን እነዚያው ናቸው።