ሲቪው ከሥራ ልምድ ደብዳቤው ጎን ሲቀመጥ

ሥራ ፈላጊ ሲቪውን ሲያዘጋጅ ብዙውን ጊዜ የሚገለብጠው ከሥራ ልምድ ደብዳቤው ነው። ደብዳቤው ግን ለሌላ ጉዳይ የተጻፈ ወረቀት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ያለ ክፍያ እንዲሰጥ የሚያዘው ማስረጃ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ነው። ሠራተኛው ሥራውን በምን ያህል ብቃት እንደተወጣው ከዚያ ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ ከማመልከት በፊት ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይበጃል። ቀኖቹ ከደብዳቤው ጋር አንድ መሆን አለባቸው፤ ሥራው ላይ ግን ሲቪው ከደብዳቤው አልፎ መናገር አለበት።

ለምሳሌ ያህል አንዲት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ እናስብ። ሲቪዋ ላይ የመጀመሪያ ሥራዋን «2010–2012»፣ ሁለተኛውን ደግሞ «2021–2024» ብላለች። የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት ደብዳቤውን የጻፈላት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሁለተኛው በፈረንጆቹ ነበርና እንዳለ ገልብጣዋለች። የሰው ኃይል ባለሙያው ወረቀቱን በጥድፊያ ሲያየው የዘጠኝ ዓመት ባዶ ጊዜ ይታየዋል።

ሁሉንም ወደ አንድ አቆጣጠር እናምጣው፤ ወርም እንጨምርበት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ባለው ጊዜ በኢትዮጵያው ዓመት ላይ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ይደመራል። የመጀመሪያው ሥራ ከመስከረም 2010 እስከ ሰኔ 2012 ነበር። የሁለተኛው መጀመሪያ፣ ጃንዋሪ 2021 አጋማሽ፣ ጥር 2013 ይሆናል። እውነተኛው ክፍተት እንግዲህ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ያለው ስድስት ወር ገደማ ነው። ወር መጻፉ ሌላም ነገር ያሳያል፦ የመጀመሪያው ሥራ ሁለት ዓመት ከአሥር ወር እንጂ ሦስት ዓመት አይሞላም። ማስታወቂያው ሦስት ዓመት የሚል ከሆነ የሁለቱ ሥራ ልምድ ተደምሮ መታየት ይኖርበታል።

የቀረውን ስድስት ወር ቀን ጎትቶ ለመሸፈን መሞከር አያዋጣም፤ ደብዳቤው ይመሰክራል። «ከሐምሌ 2012 እስከ ታኅሣሥ 2013፦ የታመመች እናቴን አስታምሜያለሁ» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። የበሽታው ስም አያስፈልግም። ዐረብ አገር ቤት ውስጥ ሠርተው የተመለሱ ሴቶች ያንን ጊዜ ዝም ብለው ሲያልፉት ያሳዝነኛል፤ ያ ጊዜ የሥራ ጊዜ ነው፣ አገሩና ዘመኑ ተጠቅሶ እንደ ሥራ ሊጻፍ ይገባዋል።

አሁን ወደ ተግባሮቹ። ሲቪዋ «ንብረት መቆጣጠር፣ ሪፖርት ማዘጋጀት፣ ከቅርብ ኃላፊ የሚሰጡ ሌሎች ተግባራትን ማከናወን» ይላል። የመጨረሻው ሐረግ ከሥራ መዘርዝር የመጣ ነው፤ ይሰረዝ። ለሌሎቹ ቀላል ፈተና አለ፦ መስመሩን ሰርቪስ ሾፌሩ ወይም ካሸሯ ሲቪ ላይ ብናደርገው የሚያስኬድ ከሆነ ስለዚህች ሠራተኛ የተናገረው ነገር የለም። «ሪፖርት ማዘጋጀት» ይህን ፈተና ይወድቃል። «በ600 ዓይነት መለዋወጫ ዕቃዎች ላይ ገቢውን በሞዴል 19፣ ወጪውን በሞዴል 22 እየመዘገብኩ ቢን ካርድ እይዝ ነበር» ቢባል ግን ሥራውን የሚያውቅ አንባቢ ወዲያው ይገባዋል።

ውጤቱ ከየት ይመጣል? ለግምጃ ቤት ሠራተኛ ከዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ። በ2010 ሰኔ ቆጠራ ከ600 ዓይነት ዕቃ 48ቱ ከካርዱ ጋር አልገጠሙም እንበል፤ ይህ 8 በመቶ ነው። ምክንያቱ ዕቃው ወጥቶ ካርዱ ላይ የሚጻፈው ከቀናት በኋላ መሆኑ ነበር። እሷ ወጪውን በዕለቱ መመዝገብ፣ በየሳምንቱም 20 ዕቃ መርጣ መቁጠር ጀመረች። በቀጣዩ ዓመት ያልገጠሙት 12 ብቻ ሆኑ፣ 2 በመቶ። ሲቪው ላይ የሚገባው እንዲህ ነው፦ «ወጪን በዕለቱ በመመዝገብና በሳምንታዊ የናሙና ቆጠራ የቆጠራ ልዩነትን በአንድ ዓመት ከ8 ወደ 2 በመቶ ዝቅ አድርጌያለሁ።» ቁጥሩን ያመጣው ድርጊት ካልተጻፈ አንባቢው በአጋጣሚ የሆነ ነው ሊል ይችላል።

የቆጠራ ሪፖርት እጇ ላይ ከሌለ የሥራውን ብዛት ማስላት ትችላለች። በወር ሦስት ጥራዝ ሞዴል 22 ታልቅ ከነበረና ጥራዙ 50 ቅጠል ከሆነ፣ በወር ወደ 150 ወጪ ማለት ነው፤ «በግምት» የሚለው ቃል ግን አብሮ ይጻፍ። የድርጅቱን ንብረት በብር መተመን ምስጢር ሊሆን ስለሚችል ቢቀር ይሻላል። ቆጠራውን ኮሚቴ ሠርቶት ከሆነም «ከኮሚቴው ጋር» ማለት ያስፈልጋል።

ሲቪው ከመላኩ በፊት ያው ሙያ ያለው ሰው ያንብበውና እያንዳንዱን ቁጥር «እንዴት አወቅሽው?» ብሎ ይጠይቃት። ከየትኛው ወረቀት እንዳገኘችው ወይም እንዴት እንዳሰላችው መናገር ያልቻለችው ቁጥር ይውጣ። እያንዳንዱ መስመር ቁጥር መያዝ የለበትም፤ ለአንድ ሥራ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል።