ያውቁ ኖሯል? እመቤት ድመት ፀሐይ ላይ ናቸው
እባክዎ አይቀስቅሷት! እዚህ ደባርቅ ደጋ ነው፤ ጠዋቱ ጋቢ ያስደርባል። እኛ 20 ዲግሪ ከሆነልን ተመችቶናል፤ ድመት ግን ሰውነቷን ለማሞቅም ለማቀዝቀዝም የማትደክመው ከ30 እስከ 38 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። መስኮት ሥር የምትጋደመው ለዚህ ነው፤ ፀሐይዋ ፈቀቅ ስትል እሷም ፈቀቅ ትላለች። ተጠቅልላ ከተኛች ሙቀቷን እየቆጠበች ነው፤ እንደዚህች ከተዘረጋች ሞቋታል። መዳፏን ካዩት ደግሞ ጫፉ ይንቀጠቀጣል፦ ሕልም የሚታይበት እንቅልፍ ላይ ደርሳለች። አይጧን ይያዟት አይያዟት እመቤት ብቻ ያውቃሉ።