የውሃ ሽታ የሆነው ትርጉም

«ነጋዴው ገንዘቡን ወስዶ የውሃ ሽታ ሆነ።» በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው ይህን ሲሰማ ስለ ውሃም ስለ ሽታም አያስብም። ሰውየው ጠፍቷል፤ ደብዛው የለም። ውሃ ሽታ ስለሌለው በዚያ በኩል አለፈ የሚያሰኝ ምልክት አልተወም ማለት ነው። የትርጉም ማሽን ግን ነጋዴው ገንዘቡን ከወሰደ በኋላ «የውሃን ጠረን ሆነ» የሚል እንግሊዝኛ ሊያወጣ ይችላል። ሰዋስዉ አይነቀፍም፤ የጎደለው ወሬው ራሱ ነው።

እንዲህ ያለውን ስህተት ሰው በጨረፍታ ይለየዋል። ማሽኖችን የሚመዝነው መለኪያ ግን ላያየው ይችላል። የአይቢኤም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ያስተዋወቁት «ብሉ» የተባለው መለኪያ ለብዙ ዓመታት የዘርፉ ዋና ሚዛን ሆኖ ቆይቷል። አሠራሩ ቀላል ነው። የማሽኑን ትርጉም ባለሙያ ከሠራው ትርጉም ጎን ያስቀምጥና የሚጋሯቸውን ቃላት ይቆጥራል፤ መጀመሪያ ነጠላ ቃላትን፣ ከዚያም ሁለት፣ ሦስትና አራት ሆነው የተከታተሉትን።

ይህን ለማየት የነጋዴውን ዓረፍተ ነገር በሦስት ዓይነት እንግሊዝኛ ጻፍኩት። አንደኛው ማመሳከሪያ የሚሆነው የባለሙያ ትርጉም ነው። ሁለተኛው የውሃ ጠረን የሚለው ቀጥታ ትርጉም ነው። ሦስተኛው «ያ ቸርቻሪ ብሩን ኪሱ ከትቶ ከዚያ ወዲያ አልታየም» የሚል ሐሳቡን በትክክል የያዘ ትርጉም ነው። ከዚያ ቆጠርኩ። የውሃው ጠረን ካሉት 11 ቃላት 6ቱ ማመሳከሪያው ውስጥ ተገኙ፤ አራት አራት ሆነው የተከታተሉ ቃላትም በሦስት ቦታ ገጠሙ። ትክክለኛው ትርጉም ግን ከ10 ቃላቱ የገጠሙለት 2 ብቻ ናቸው፤ ተከታትለው የገጠሙ ሁለት ቃላት እንኳ የሉትም። ስህተቱ አሸነፈ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ፈሊጡ የዓረፍተ ነገሩ ጭራ ላይ ያለች አጭር ሐረግ ስለሆነች «ነጋዴው ገንዘቡን ወስዶ» የሚለው ቀሪው ክፍል ነጥቡን ይሰበስባል።

ስለዚህ የሰው ዓይን ያስፈልጋል። ይሁንና መዛኙን «ከአሥር ስንት ትሰጠዋለህ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ አንዱ 4 ሲሰጥ ሌላው 7 ይሰጣል፣ ማሽኑ የት እንደሳተም አይታወቅም። «ኤም.ኪው.ኤም» በሚባለው የምዘና ማዕቀፍ መዛኙ ስህተት ያለበትን ሐረግ ያሰምራል፣ የስህተቱን ዓይነት ይጽፋል፣ ክብደቱንም ይወስናል። የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ሥራ ቀላል ስህተት በአብዛኛው 1 ነጥብ፣ ከባድ ስህተት 5 ነጥብ ያስቀጣ ነበር። ፈሊጥ ላይ ስንደርስ ግን ይህም ይጠበናል። የሳተው ሁሉ «የተሳሳተ ትርጉም» በሚል አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባና ሕመሞቹ ይደባለቃሉ። በሥነ ልሳን ላይ የቆመ የስህተት ምደባ የሚያስፈልገው ይህን ሳጥን ከፍቶ ለመለየት ነው። ለአማርኛ ፈሊጥ አራት ጥያቄዎች በተራ ቢጠየቁ ብዙውን ይለዩታል።

የመጀመሪያው፦ ማሽኑ ፈሊጥ መሆኑን አውቋል? የውሃው ጠረን እዚህ ላይ ወድቋል። ግን ውድቀቱ በሌላ አቅጣጫም ሊመጣ ይችላል። «ሽፍታው ከሦስት ቀን በኋላ እጁን ለፖሊስ ሰጠ» ሲባል መማረኩ ነው። «ሕፃኑ መንገድ ስንሻገር እጁን ሰጠኝ» ሲባል ግን እጅ ማለት እጅ ነው። ሁለተኛውን «ሕፃኑ ተማረከልኝ» ብሎ የሚተረጉም ማሽን ፈሊጥ በሌለበት ፈሊጥ አይቷል። በመሆኑም የፈተና ዓረፍተ ነገሮች ሲዘጋጁ ለእያንዳንዱ ፈሊጥ ያንኑ ቃል በቁሙ የያዘ መንታ ይጨመራል። መንታ የሌለው ፈተና ሁሉን ነገር ፈሊጥ የሚያደርገውን ማሽን ጎበዝ ያስመስለዋል።

ሁለተኛው፦ ፈሊጥ መሆኑን አውቆ ፍቺውን ስቷል? «ጥርሱን ነክሶ ተማረ» ማለት ችግሩን ችሎ ተማረ ነው። «አለቃው ጥርስ ነከሰበት» ግን ቂም ያዘበት ማለት ነው። ጥርሱም መንከሱም አንድ ሆኖ ሳለ ነገሩን የሚለውጠው ግሱ ጫፍ ላይ የተለጠፈው «በት» ነው። ሁለተኛውን «አለቃው ታገሠ» ብሎ የሚተረጉም ማሽን ፈሊጡን ያውቀዋል፤ ያላየው ቅጥያውን ነው።

ሦስተኛው፦ ፍቺው ተገኝቶ ባለቤቱ ተሳስቷል? «እናት ልጇን ስትሸኝ ሆዷ ባባ» በሚለው ውስጥ «ባባ» በወንድ አንቀጽ የገባው የተስማማው ከሆድ ጋር ስለሆነ ነው፤ ስሜቱ ግን የእናትየዋ ነው፤ ይህንን የምትነግረን «ሆዷ» ላይ ያለችው «ዋ» ናት። ግሱን ብቻ የተከተለ ማሽን የባባው ወንድ ነው ብሎ «እሱ አዘነ» ይላል፤ ሐዘኑ ከእናት ወደ ልጅ ይሻገራል። ሆድ፣ ልብ፣ አንጀትና ቆሽት ባለቤት የሚሆኑባቸው የአማርኛ ፈሊጦች ሁሉ ይህ ወጥመድ አለባቸው።

አራተኛው፦ ፍቺውም ባለቤቱም ደኅና ሆኖ ቀለሙ ጠፍቷል? የውሃ ሽታ የሆነው ነጋዴ በእንግሊዝኛው «ተሰወረ» ከተባለ ወሬው ደርሷል፤ የተናጋሪው ምሬትና ለዛ ግን ቀርቷል። ለዜና ይህ ቀላል ስህተት ነው፤ እንዲያውም ስህተት ላይባል ይችላል። ለልብ ወለድ ግን ያንኑ ያህል ቀላል አይሆንም። ስለዚህ ክብደቱ ከመወሰኑ በፊት የጽሑፉ ዓይነት መታወቅ አለበት።

የጥያቄዎቹ ተራም ትርጉም አለው። መዛኙ መጀመሪያ የማሽኑ ሥራ ተሸፍኖበት አማርኛውን ብቻ አንብቦ ፈሊጡን ያሰምራል፣ ፍቺውንም በራሱ ቃል ይጽፋል። ትርጉሙን ቀድሞ ካየ ያነበበው እንግሊዝኛ አማርኛውን ራሱን በዚያ መልክ እንዲያየው ሊያደርገው ይችላል። ከዚያ ትርጉሙ ይገለጥለትና አራቱን ጥያቄዎች በተራ ይመልሳል፤ መጀመሪያ «ስቷል» ያለበት ላይ ቆሞ ያንን ይመዘግባል። ያንኑ ሥራ ሌላ መዛኝ ሳያየው ለብቻው ይሠራና መዝገቦቹ ይነጻጸራሉ።

አለመግባባቱ የሚበዛው በሁለተኛውና በአራተኛው ጥያቄ መካከል ነው። «ሆዷ ባባ» የሚለው «አዘነች» ተብሎ ቢተረጎም አንዱ መዛኝ ቀለሙ ነው የጠፋው ይላል። ሌላው ደግሞ ሆድ መባባት ማልቀስ ማልቀስ የሚያሰኝ የአንጀት መራራት እንጂ ሐዘን ብቻ አይደለምና ፍቺው ስቷል ይላል። ሁለቱም የሚሉት አላቸው። እንዲህ ያለ ክርክር ሲደጋገም ጥፋቱ የመዛኞቹ ሳይሆን የመመሪያው ይሆናል፤ ድንበሩ በምሳሌ ተጽፎ እንደገና ይሞከራል። የመዛኞቹ ዕድሜና ያደጉበት አካባቢም ይታያል፤ ጎጃም ያደገ አዛውንት በቁሙ የሚያውቀውን ፈሊጥ አዲስ አበባ የተወለደ ወጣት ሰምቶት ላያውቅ ይችላል።

መጨረሻ ላይ ነጥቡ ሲደመር ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይመጣል። አንድ ማሽን አሥር ፈሊጦችን በቁማቸው ተርጉሞ በእያንዳንዱ 5 ነጥብ ተቀጣ እንበል፤ 50 ሆነ። ሌላው ሃምሳ ፈሊጦችን ቀለማቸውን አጥቦ በእያንዳንዱ 1 ነጥብ ተቀጣ፤ እሱም 50። በድምሩ እኩል ናቸው። የሁለተኛውን ትርጉም ያነበበ ሰው ለዛው ቢቀርበትም ነጋዴው መጥፋቱን ያውቃል። የመጀመሪያውን ያነበበው ግን ነጋዴው ከነገንዘቡ የት እንደገባ ሳያውቅ ስለ ውሃ ጠረን ሲያሰላስል ይቀራል። የምዘናው ውጤት ሲታተም ከድምሩ ጎን በየጥያቄው ስንት ስህተት እንደተመዘገበ አብሮ የሚሰፈረው ለዚህ ነው።